ሲዘንብ፣ ከዘነበ፣ ቢዘንብ፦ በእንግሊዝኛ እውኑን ከምናቡ መለየት

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ ሦስት ነገር ለይቶ ይናገራል። «ሲዘንብ ቤት እቀራለሁ» ያለ ሰው ልማዱን እየነገረን ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያደርገው ይህንን ነው። «ከዘነበ ቤት እቀራለሁ» ያለው ደግሞ የሚያወራው ስለ አንድ ቀን ነው። ነገ ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል፤ ከዘነበ የሚያደርገውን ግን ከወዲሁ ወስኗል። «ቢዘንብ ቤት እቀር ነበር» የሚለው ሰው ሌላ ነው። እሱ ዝናቡን አይጠብቅም። ወይ ሰማዩ ጠርቷል፣ ወይ ዝናቡን በሐሳቡ ብቻ አምጥቶ «እንዲህ ቢሆንስ» እያለ ነው።

ሲ፣ ከ፣ ቢ። የሦስቱን ልዩነት ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም፤ ስንሳሳትም አንሰማም። ያው ሰው እንግሊዝኛ ሲማር ግን «ዜሮ ኮንዲሽናል፣ ፈርስት ኮንዲሽናል፣ ሰከንድ ኮንዲሽናል» የሚል ሠንጠረዥ ይሰጠውና ለፈተና ሸምድዶ ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል። ሠንጠረዡ የግሱን ቅርጽ ቢያሳይም ቅርጹ ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም። ጉዳዩ ግን እኛ በሲ፣ በከ እና በቢ የምንለየው ያው ጉዳይ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ ያየ ሰው ሠንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልገውም።

እንግሊዝኛ ለሦስቱም «ኢፍ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቀማል። ልዩነቱን የሚሸከሙት ግሶቹ ናቸው። የዝናቡ ነገር እንዲህ ይሆናል፦

ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ስቴይ አት ሆም።
ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ አት ሆም።
ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ አይ ዉድ ስቴይ አት ሆም።

የመጀመሪያው ሲዘንብ፣ ሁለተኛው ከዘነበ፣ ሦስተኛው ቢዘንብ ነው። በፊደላችን ሲጻፉ ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደተለወጠ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ የጨመርነው «ዊል» ብቻ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስንሄድ «ሬይንስ» «ሬይንድ» ሆነ፣ «ዊል» ደግሞ «ዉድ» ሆነ። የትርጉሙ ልዩነት ሁሉ ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ድምፆች ላይ ነው።

ሦስት ቁጥር፣ ሁለት ወገን

ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት የሚለው ቁጥር የመጣው ከመማሪያ መጻሕፍት ነው። ለመምህሩ ይመቻል፤ በየሳምንቱ አንዱን ያስተምራል። ነገር ግን ሦስቱ እኩል የተራራቁ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የቆመ ያስመስላቸዋል። የእንግሊዝኛን ሰዋስው በጥልቀት የመረመሩ ምሁራን በዚህ መንገድ አይከፍሉትም። ራንዶልፍ ክወርክና ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ ዋናው ክፍፍል ለሁለት ነው፤ ክፍት የሆነ ሁኔታና የተገመተ ሁኔታ። ሮድኒ ሀድልስተንና ጄፍሪ ፑለም በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት የካምብሪጅ ሰዋስው ደግሞ አንዱን ክፍት፣ ሌላውን ሩቅ ይሉታል።

በዚህ አከፋፈል ዜሮና ፈርስት በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ሁለቱም ለእውነተኛው ዓለም ናቸው፤ ተናጋሪው ሁኔታው ሊሆን የሚችል ነው ብሎ ይዞታል፣ ወይም ቢያንስ በሩን አልዘጋም። ሰከንድ ብቻውን ማዶ ይቆማል። እዚያ ተናጋሪው ከእውነተኛው ዓለም አንድ እርምጃ ወጥቶ ሌላ ዓለም ያስባል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ከሦስቱ የቱ ነው?» የሚለው አይደለም። መጀመሪያ «ይህን እንደ እውን ነው የምናገረው ወይስ እንደ ምናብ?» ተብሎ ይጠየቃል። እውን ከሆነ ብቻ «ሁልጊዜ ነው ወይስ በዚህ አንድ ጊዜ?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል።

ዜሮ፦ በመጣ ቁጥር

ዜሮ ኮንዲሽናል ሕግና ልማድ የሚነገርበት ነው። በሁለቱም በኩል የአሁን ጊዜ ግስ ይገባል፤ «ዊል» የለም፣ «ዉድ» የለም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘውትረው የሚጠቅሱት ምሳሌ የውሃው ነው፤ ውሃን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ብታሞቀው ይፈላል፤ «ኢፍ ዩ ሂት ዋተር ቱ ኤ ሀንድረድ ዲግሪስ፣ ኢት ቦይልስ።» ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ምንም አይጎድለውም። ዜሮ ኮንዲሽናል የተናገረ ሰው «ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ ኃላፊነት ወስዷል፤ «ሁልጊዜ» የሚለው የት ድረስ እንደሚያስኬድ መጠንቀቅ የእሱ ፋንታ ነው።

ዜሮን መለያው ቀላል ነው። «ኢፍ» የሚለውን አውጥቶ በምትኩ «ዌን» ማስገባት ነው። ትርጉሙ ካልተነቃነቀ ዜሮ ነው። «ዌን ኢት ሬይንስ፣ አይ ስቴይ አት ሆም» ብንል ያው ልማድ ነው፤ እኛም እዚህ ላይ «ሲ» የምንለው ለዚህ ነው። በፈርስት ኮንዲሽናል ላይ ግን ይህን ቅያሬ ብናደርግ ነገሩ ይለወጣል። «ዌን ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ስቴይ አት ሆም» ያለ ሰው ዝናቡ መምጣቱን እርግጠኛ ሆኗል፤ የሚጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ነው።

አማርኛ ተናጋሪው የመጀመሪያውን መሰናክል የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው። «ሲዘንብ ቤት እቀራለሁ» እና «ከዘነበ ቤት እቀራለሁ» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ መጨረሻው አንድ ነው። «እቀራለሁ» ልማድንም ነገንም ይሸከማል። ልዩነቱን የጫንነው መጀመሪያው ላይ፣ በሲ እና በከ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያውን በሁለቱም «ኢፍ ኢት ሬይንስ» ብሎ አንድ አድርጎ ይተወውና ልዩነቱን መጨረሻው ላይ በ«ዊል» ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ስለ ነገ እየተናገረ «ዊል»ን ይዘለዋል። «ኢፍ ኢት ሬይንስ ቱሞሮው፣ አይ ስቴይ አት ሆም» ይላል። ሰሚው ይገባዋል፤ ነገር ግን ጆሮው ላይ ልማድና ውሳኔ ተደባልቀው ይደርሱታል።

ፈርስት፦ ያልተወሰነው ነገ

ፈርስት ኮንዲሽናል የአንድ ጊዜ ጉዳይ ነው። ሁኔታው ገና አልሆነም፣ ሊሆን ግን ይችላል፣ ከሆነም ይህ ይከተላል። በሁኔታው በኩል የአሁን ጊዜ ግስ፣ በውጤቱ በኩል «ዊል» ይገባል። በ«ዊል» ፈንታ እንደ ነገሩ «ካን»፣ «ሜይ»፣ ወይም ትእዛዝ ሊገባ ይችላል። «ከዘነበ ልብሱን አስገቢ» የሚለው በእንግሊዝኛም ፈርስት ነው፤ ውጤቱ ትእዛዝ ሆነ እንጂ ዝናቡ ያው የሚጠበቅ ዝናብ ነው።

በጣም የተለመደው ስሕተት «ዊል»ን «ኢፍ» ጎን መክተት ነው፤ «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን ቱሞሮው» ማለት። ነገሩ ስለ ነገ ስለሆነ ተማሪው የነገን ምልክት ይፈልጋል። አማርኛም ያግዘዋል፤ «ነገ የሚዘንብ ከሆነ» እንላለንና «የሚዘንብ» የሚለውን ቃል በቃል ሊያሻግር ይሞክራል። እንግሊዝኛ ግን የነገን ምልክት አንድ ጊዜ፣ በውጤቱ በኩል ካስቀመጠ ይበቃዋል፤ የሁኔታው ክፍል ጊዜውን ከዚያ ይዋሳል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ምንጩም ራሱ «ከዘነበ» ነው። «ዘነበ» በቅርጹ ኃላፊ ነው፤ «ትናንት ዘነበ» የምንለው ያው ግስ ነው። «ነገ ከዘነበ» ስንል በኃላፊ ቅርጽ ስለ ወደፊት እየተናገርን ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ይህ የእውን ወገን ነው። ይህን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው «ኢፍ ኢት ሬይንድ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ስቴይ አት ሆም» ይላል። በእንግሊዝኛ ጆሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ «ይህ ምናብ ነው» ይላል፣ ሁለተኛው ግማሽ «ይህ ውሳኔዬ ነው» ይላል። በአማርኛ ኃላፊ ቅርጽ ከ«ከ» ጋር ሲሆን የሚያመለክተው እውኑን ነው፤ በእንግሊዝኛ ኃላፊ ቅርጽ ከ«ኢፍ» እና ከ«ዉድ» ጋር ሲሆን የሚያመለክተው ምናቡን ነው። ከስሕተቶቹ ሁሉ ትርጉም የሚያዛባው በዋናነት ይኸኛው ነው።

ሰከንድ፦ ያላለፈ ኃላፊ

ሰከንድ ኮንዲሽናል ተማሪውን የሚያስቸግረው በስሙ ሳይሆን በግሱ ነው። «ኢፍ አይ ሀድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሀውስ» ሲባል «ሀድ» የኃላፊ ግስ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ገንዘብ በነበረኝ ጊዜ» ብሎ ሊያነበው ይቃጣዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ትናንት ምንም አይልም። አሁን ገንዘብ የለኝም፤ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር ማለት ነው። «ቱሞሮው» የሚለውን ቃል እንኳ ያለ ችግር ይቀበላል፤ «ኢፍ ኢት ሬይንድ ቱሞሮው፣ አይ ዉድ ስቴይ አት ሆም» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ኃላፊው ግስ ምን ይሠራል? የሰዋስው ሰዎች መልስ አጭር ነው፤ ርቀት ያሳያል። ያለፈ ነገር ከአሁን የራቀ ነው። ምናብም ከእውነተኛው ዓለም የራቀ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ርቀት አንድ ቅርጽ ይጠቀማል። «ዉድ» ራሱ በታሪኩ የ«ዊል» ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሰከንድ ኮንዲሽናል ማለት ፈርስት ኮንዲሽናል ሆኖ ሁለቱም ግሶቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የተሳቡ ማለት ነው፤ «ሬይንስ» ወደ «ሬይንድ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»። ይህን ያየ ሰው አዲስ ቀመር አያስፈልገውም፤ የሚያውቀውን ፈርስት ይዞ ሁለቱን ግሶች አንድ ላይ ያርቃቸዋል። አንዱን ብቻ አርቆ ሌላውን መተው ግን አይቻልም።

ይህ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ቢዘንብ ቤት እቀር ነበር» በምንለው ውስጥ «ነበር» ምን እየሠራ ነው? «ትናንት ቤት ነበርኩ» ከምንለው ጋር አንድ ቃል ነው፤ ሆኖም እዚህ ያለፈ ነገር የለም። እኛም ምናብን የምናርቀው በኃላፊ ቃል ነው። ከእንግሊዝኛው የምንለየው ቦታው ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለቱንም ክፍል ወደ ኃላፊ ሲስብ፣ አማርኛ በሁኔታው ላይ «ቢ»ን፣ በውጤቱ ላይ «ነበር»ን ያስቀምጣል።

መመሳሰሉ ከዚህም ያልፋል። «ሲዘንብ ቤት እቀር ነበር» ብንል ደግሞ ድሮ የነበረ እውነተኛ ልማድ ይሆናል። «እቀር ነበር» የሚለው አልተለወጠም፤ ከምናብ ወደ ትዝታ ያዞረው የ«ቢ» ወደ «ሲ» መለወጥ ብቻ ነው። እንግሊዝኛውም «ዉድ» ይኸው ሁለት ሥራ አለው፤ «ዌን ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዉድ ስቴይ አት ሆም» ሲባል የልጅነት ልማድ ነው። እንዲሁም «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ አት ሆም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊያጋጥመን ይችላል። «ኢፍ» እና ኃላፊ ግስ ስላየን ሰከንድ ነው ብለን መቸኮል የለብንም፤ በውጤቱ በኩል «ዉድ» የለምና እውነተኛ ትናንት ነው። ስናነብ ዓይናችንን መጣል ያለብን በ«ኢፍ» ላይ ሳይሆን በውጤቱ ግስ ላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ርቀት ለትሕትናም ያገለግላል። አንድ ሰው ቢሮ ገብቶ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ሲል አሁንም ፈልጓል፤ «ነበር» ያለው ጥያቄው ሰውየውን እንዳይጫነው ትንሽ ራቅ ለማድረግ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪም መስኮት ለመክፈት ሲያስፈቅድ «ዉድ ኢት ቢ ኦልራይት ኢፍ አይ ኦፕንድ ዘ ዊንዶው?» ይላል። መስኮቱን መክፈት ምናብ አይደለም፤ እጁ መስኮቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ግን እንደ ምናብ ስላቀረበው እምቢ ማለት ለሰሚው ይቀልለዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በሰከንድ ኮንዲሽናል ውስጥ «ዋዝ» በሚባልበት ቦታ «ወር» ሲባል እንሰማለን፤ «ኢፍ አይ ወር ዩ» እንደሚባለው፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ለማለት። በሌላ ጊዜ ከ«አይ» ጋር የማይሄደው «ወር» እዚህ መግባቱ ምናብ መሆኑን ያጎላል። በዕለታዊ ንግግር ብዙዎች «ኢፍ አይ ዋዝ» ቢሉም፣ በጽሑፍና በፈተና ላይ «ወር» የማያከራክር ነው።

«ቢ» ብቻውን አይበቃም

እስካሁን «ቢ» የምናብ ምልክት ነው ብለን ሄደናል። ነገር ግን አማርኛን ያዳመጠ ሰው ይቃወመናል፤ «ነገ ቢመጣ እነግረዋለሁ» እንላለን፤ ሰውየውም ሊመጣ ይችላል። እውነት ነው። «ቢ» ከ«ነበር» ጋር ሲሆን ብቻ ነው ሩቅ የሚሆነው። ከ«አለሁ» ጋር ሲሆን ተናጋሪው መምጣቱን ትንሽ ይጠራጠራል እንጂ በሩን አልዘጋም። ስለዚህ «ነገ ቢመጣ እነግረዋለሁ» በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ፈርስት ነው፤ «ኢፍ ሂ ካምስ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። «ቢመጣ እነግረው ነበር» ግን ሰከንድ ነው።

«ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር» ካልን ደግሞ ጉዳዩ ያለፈና የተዘጋ ነው፤ አልመጣም። ይህ የሦስተኛው ኮንዲሽናል ግዛት ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። መታወቅ ያለበት ግን አማርኛ «ኖሮ»ን ሳይጨምርም «ነበር» ሲል ጆሯችን ነገሩን ያለቀ ዕድል አድርጎ የመስማት ዝንባሌ አለው። የእንግሊዝኛው «ዉድ» እንዲህ አይዘጋም። ይህ ልዩነት በጨዋታ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ገንዘብ ሲገባበት ግን ዋጋው ይታያል።

አንድ የቡና ደብዳቤ

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚልክ ድርጅትና ሃምቡርግ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ገዢ ይጻጻፋሉ እንበል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ መሆኑ ነው። ዋጋው የሚነገረው በፓውንድ ስለሆነ አንድ ኮንቴነር ከ42,000 ፓውንድ በላይ ነው። ገዢው ሁለት ኮንቴነር ካዘዘና በፓውንድ 10 ሳንቲም ቢቀነስለት ልዩነቱ ወደ 8,500 ዶላር ይጠጋል።

ገዢው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤ «ኢፍ ዊ ኦርደርድ ቱ ኮንቴነርስ፣ ዉድ ዩ ሪዲውስ ዘ ፕራይስ?» ሰከንድ ነው። ሁለት ኮንቴነር አላዘዘም፣ አዛለሁም አላለም። ስፋቱን እየለካ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው ይህን በአማርኛ ጆሮ ካነበበው «ሁለት ብናዝ ኖሮ ትቀንሱልን ነበር?» የሚል ወቀሳ ወይም የሐሳብ ለውጥ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ትሑት የሆነ መነካካት ነው።

አሁን መልሱን እንመልከት። ላኪው ሦስት ዓይነት መልስ ሊጽፍ ይችላል፤ ሦስቱም በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ነገር ያስከትላሉ።

የመጀመሪያው፦ «ኢፍ ዩ ኦርደር ቱ ኮንቴነርስ፣ ዊ ሪዲውስ ዘ ፕራይስ ባይ ቴን ሴንትስ።» ዜሮ ነው፤ ሁለት ኮንቴነር ሲያዙ እንቀንሳለን። ይህ የድርጅቱ የዘወትር አሠራር ነው ማለት ነው። ገዢው በሚቀጥለው ዓመትም ይህንኑ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሌላ ገዢ ቢሰማም «ለእኔስ?» ማለቱ አይቀርም። ላኪው የፈለገው ለዚህ አንድ ገዢ፣ ለዚህ አንድ ጊዜ መቀነስ ከነበረ «ዊል»ን በመዝለሉ ብቻ ከሐሳቡ በላይ ሰጥቷል።

ሁለተኛው፦ «ኢፍ ዩ ኦርደር ቱ ኮንቴነርስ፣ ዊ ዊል ሪዲውስ ዘ ፕራይስ ባይ ቴን ሴንትስ።» ፈርስት ነው፤ ካዘዙ እንቀንሳለን። ይህ የቀረበ ዋጋ ነው። ገዢው «አዘናል» ብሎ ከመለሰ ላኪው ወደ ኋላ የሚልበት መንገድ የለውም። የ8,500 ዶላሩን ጉዳይ ከአለቃው ጋር ጨርሶ ከሆነ የጻፈው ትክክለኛውን ነው።

ሦስተኛው፦ «ኢፍ ዩ ኦርደርድ ቱ ኮንቴነርስ፣ ዊ ዉድ ሪዲውስ ዘ ፕራይስ።» ሰከንድ ነው፤ ገዢው በጠየቀበት ርቀት መመለስ ነው። መቀነስ እንደሚቻል ያሳያል፣ ግን ገና ቃል አልገባም። «ዉድ» በሚለው ፈንታ «ኩድ» ቢል ደግሞ ይበልጥ ይለዝባል፤ ልንቀንስ እንችል ይሆናል ማለት ነው። በአማርኛም ይህን ስሜት በትክክል የሚሰጠው «እንቀንስ ነበር» ሳይሆን «ቢያዙ ልንቀንስ እንችላለን» የሚለው ነው።

አራተኛም መልስ አለ፤ እሱ ግን የተሰነጠቀው ነው፦ «ኢፍ ዩ ኦርደርድ ቱ ኮንቴነርስ፣ ዊ ዊል ሪዲውስ ዘ ፕራይስ።» ላኪው በልቡ «ካዘዙ እንቀንሳለን» ብሎ «ካዘዙ» የሚለውን የኃላፊ ቅርጽ ይዞ ተሻገረ። ገዢው ይህን ሲያነብ ቃል ኪዳን ይሁን ሐሳብ አያውቅም። ጠንቃቃ ከሆነ እንደገና ጽፎ ይጠይቃል። ካልሆነም የሚስማማውን ግማሽ፣ ማለትም «ዊል»ን፣ ይዞ ትእዛዙን ይልካል።

ንግግሩ በስልክ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። «ኦርደርድ ቱ» ሲባል የ«ድ» ድምፅ ከሚከተለው «ት» ጋር ይዋጣል፤ «ኦርደር ቱ» ተባለ ወይስ «ኦርደርድ ቱ» የሚለውን እንግሊዝኛ በአፉ የፈታ ሰው እንኳ ከዚያ ድምፅ ብቻ ለመለየት ይቸገራል። «ዊ ዊል» ደግሞ አጥሮ «ዊል» ይሆናል፣ «ዊ ዉድ» አጥሮ «ዊድ» ይሆናል። ሰሚው «ኢፍ» ያለበትን ክፍል ሲያዳምጥ ወገኑን ባይለይ ግድ የለም፤ መጠበቅ ያለበት ውጤቱ ላይ «ል» መጣ ወይስ «ድ» መጣ የሚለውን ነው። ያም ካልተሰማ «ይህ ለእኛ የቀረበ ዋጋ ነው ወይስ ሐሳብ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚመርጠው ተናጋሪው ነው

ሰከንድ ኮንዲሽናልን «ሊሆን የማይችል ነገር» ብሎ የሚያስተምር መምህር ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ቢደርስ የሚል ሰው ከሰከንድ ሌላ ምርጫ የለውም፤ አይደርስምና። አብዛኛው ጉዳይ ግን እንዲህ በተፈጥሮ የተወሰነ አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የሎተሪ ትኬት ገዙ እንበል፤ ዕድላቸው እኩል ነው። አንዱ «ኢፍ አይ ዊን፣ አይ ዊል ባይ ኤ ታክሲ» ይላል፤ ሌላው «ኢፍ አይ ወን፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ታክሲ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተለያየው ዕድሉ አይደለም፤ አንዱ ዕጣውን እንደ ተስፋ ይዞታል፣ ሌላው እንደ ሕልም። ስለዚህ ፈተና ላይ እንኳ አውዱ ካልተሰጠ ከሁለቱ አንዱን ስሕተት ማለት አይቻልም፤ ስሕተት የሚሆነው የአንዱን ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ማጋባት ነው።

ለሚጽፍ ሰው የሚጠቅመው ፍተሻ ከዚህ ይወጣል። በሁኔታው ክፍል መጨረሻ ላይ «ግን አይደለም» ወይም «ግን የለኝም» የሚል ጨምሮ ማየት ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ፣ ግን የለኝም» ከሄደ ሰከንድ ነው። «ነገ ከዘነበ፣ ግን አይዘንብም» ካልሄደ ፈርስት ነው። «በመጣ ቁጥር» የሚለው ከገባበት ዜሮ ነው። ሁለቱም የሚያስኬዱ ከሆነ፣ እንደ ሎተሪው፣ ጥያቄው ስለ ሰዋስው መሆኑ ያበቃና «ለሰሚዬ ምን ያህል ቅርብ አድርጌ ላቅርበው?» ወደሚለው ይዞራል።

ለሚያነብ ሰው ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቅርጹ የሚያሳየው ተናጋሪው ነገሩን እንዴት ሊያቀርብ እንደፈለገ ነው፤ በልቡ ያለውን አይደለም። የሃምቡርጉ ገዢ «ኢፍ ዊ ኦርደርድ» ብሎ በጻፈበት ቀን ሁለቱን ኮንቴነሮች ለማዘዝ ከወሰነ ሳምንት ሆኖት ሊሆን ይችላል። ምናብ አድርጎ ያቀረበው ዋጋው እስኪታወቅ ድረስ እጁን ላለማሳየት ነው። ላኪውም የገዢውን ሐሳብ ከግሱ ላይ ለማንበብ መሞከር የለበትም። ከግሱ ሊያነብ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስካሁን ማንም ለማንም ቃል አልገባም።